ብርሃን የበዛበት መስኮት ላለው ክፍል ፎቶ፦ ኤችዲአር ለክፍሉ፣ ማስክ ለመስኮቱ

መስኮት ያለበትን ክፍል በቀን ፎቶ ስናነሣ ከሁለቱ አንዱን ማጣታችን የተለመደ ነው። የብርሃኑን መጠን ለክፍሉ ስናስተካክል መስኮቱ ነጭ አንሶላ የተሰቀለበት ይመስላል፤ ለመስኮቱ ስናስተካክል ደግሞ ሶፋውም ግድግዳውም ይጠቁራል። በፀሐይ በተመታ ተራራና ጥላ ውስጥ ባለ የሳሎን ግድግዳ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ስቶፕ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ስቶፕ የብርሃኑን መጠን በእጥፍ ስለሚለውጠው ስድስት ስቶፕ ማለት ስድሳ አራት እጥፍ ነው። ዓይናችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ራሱን ስለሚያስተካክል ይህን ልዩነት እምብዛም አናስተውለውም፤ ካሜራው ግን ሁሉንም በአንድ መጠን ይመዘግበዋል።

የተለመደው መፍትሔ በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሡ ብዙ ፎቶዎችን በኤችዲአር ማዋሐድ ነው። ይህ ግን ግማሹን ብቻ ይፈታል። ፕሮግራሙ የተዋሐደውን ፎቶ በስክሪን ላይ እንዲታይ አድርጎ ሲጨምቀው መስኮቱ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ አያውቅም። የአንዱን ቦታ ብርሃን ሲቀንስ በዙሪያው ያለውን እያየ ስለሆነ፣ ውጭው ግራጫና ሕይወት የሌለው ይሆናል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ግድግዳም ፈዘዝ ያለ የብርሃን ቀለበት ያወጣል። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አሠራር ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ኤችዲአሩ ክፍሉን ብቻ ይሠራል፤ በመስኮቱ የሚታየው ውጭ ግን ከአንድ ጨለም ያለ ፎቶ ተወስዶ በማስክ፣ ማለትም የፎቶውን አንድ ክፍል አሳይቶ ሌላውን በሚደብቅ መሸፈኛ ይገባል።

ለምሳሌነት የምንወስደው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለና መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ እንጦጦ የሚያይ አፓርታማ ሳሎን ነው። ግድግዳው ክሬም ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቱ ተንሸራታች አሉሚኒየም ሆኖ በአንድ ጎኑ ስስ ነጭ መጋረጃ ተሰብስቧል። ፎቶው ለኪራይ ማስታወቂያ የሚውል ሲሆን ተራራው መታየት አለበት፤ ቤቱን ከሌሎች የሚለየው እርሱ ነውና።

ክፍሉንና ሰዓቱን መምረጥ

ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት በኅዳርና በታኅሣሥ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የተራራውን ፊት በቀጥታ ታበራዋለች፤ ወደ ክፍሉ ግን በቀጥታ አትገባም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ጉም ከለቀቀ በኋላ ማንሣት ይቻላል። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ከቤቱ በስተጀርባ ያለችበትን ሰዓት ይምረጡ። ወለሉ ላይ የፀሐይ ጨረር ካረፈ የመስኮቱን ችግር የሚያህል ሌላ ችግር መሬት ላይ ተጨመረ ማለት ነው።

የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ ያጥፉ። ከውጭ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የአምፖሉ ደግሞ ወደ ቢጫ፤ ሁለቱ ግድግዳው ላይ ሲቀላቀሉ የትኛውም የቀለም ማስተካከያ አያስታርቃቸውም። አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች በተጨማሪ ከመብራቱ ሞገድ ጋር ስለሚርገበገቡ ከ1/100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በተነሡት ፎቶዎች ላይ አግድም ጥላዎችን ይተዋሉ። የመስኮቱን መስታወት በውስጥም በውጭም መወልወልን አይርሱ። በጨለማው ፎቶ ላይ የጣት አሻራና የዝናብ ጠብታ ምልክት በግልጽ ይወጣል፤ ያንን በኋላ በኮምፒውተር ማጽዳት በጨርቅ ከማጽዳት እጅግ ይረዝማል። መጋረጃውን ሰብስበው ይሰሩትና በረቂቅ ነፋስ እንዳይወዛወዝ መስኮቱን ይዝጉ።

ፎቶዎቹን ማንሣት

ካሜራው ትሪፖድ ላይ ይቀመጥ። የሌንሱ ወይም የካሜራው የንዝረት መከላከያ ትሪፖድ ላይ ራሱ እንቅስቃሴ ሊፈጥር ስለሚችል ይጠፋ። ፎቶዎቹ በሮው ይነሡ፤ ጄፔግ ከወዲሁ የተጨመቀ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ካሜራውን ወደ ማኑዋል ይመልሱና አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር f/8 ላይ ያስተካክሉ። ፎከሱን ሶፋው ወይም ከክፍሉ ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ላይ ይያዙና ወደ ማኑዋል ፎከስ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶ ፎከሱን ሊለውጠው ይችላል። በፎቶዎቹ መካከል የሚለወጠው የሹተሩ ጊዜ ብቻ ነው። አፐርቸሩ ከተለወጠ ከብርሃኑ ጋር የጥራቱ ጥልቀትና የጠርዙ ቅርጽም ስለሚለወጥ ፎቶዎቹ አይገጣጠሙም።

አሁን ሁለቱን ጫፎች ይፈልጉ። በዚህ ሳሎን ግድግዳው በደንብ የሚታየው በ1/4 ሰከንድ ነው። ተራራው በደንብ የሚታየው በ1/250 ሰከንድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መካከለኛ 1/30 ሰከንድ አካባቢ ቢሆንም፣ ከሶፋው ሥርና ከቴሌቪዥን ማስቀመጫው ኋላ ያለው ጥቁር ጥግ ከግድግዳው የበለጠ ብርሃን ስለሚፈልግ ከላይ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ያስፈልጋል። ስለዚህ መካከለኛው 1/15 ይሁንና ካሜራው በሁለት ስቶፕ ልዩነት አምስት ፎቶ እንዲያነሣ በብራኬቲንግ ይዘዙት፦ 1 ሰከንድ፣ 1/4፣ 1/15፣ 1/60 እና 1/250። ሦስት ፎቶ ብቻ በብራኬቲንግ የሚያነሣ ካሜራ ያላችሁ፣ የቀሩትን ሁለት የሹተሩን መንኮራኩር በጥንቃቄ አዙራችሁ ማንሣት ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አለማለቱ ነው። የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ወይም ሪሞት መጠቀም እጅ ካሜራውን እንዳይነካ ያደርጋል።

ከቦታው ሳይነሡ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። በጨለማው ፎቶ ላይ የካሜራው የብርሃን ማስጠንቀቂያ ደመናው ላይ ብልጭ ድርግም ካለ፣ አንድ የ1/1000 ፎቶ ይጨምሩ። በብሩሁ ፎቶ ላይ ደግሞ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ሂስቶግራም ግራውን ጫፍ ሙሉ በሙሉ የለቀቀ መሆን አለበት፤ ካልለቀቀ ከሶፋው ሥር ያለው ጥቁረት በኋላ ሲነሣ በጥራጥሬ ይሞላል። እኔ በበኩሌ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ጨለማ ፎቶ አነሣለሁ። ቦታ አይጠይቅም፣ ደመና ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ምርጫ ይሰጣል።

ክፍሉን በኤችዲአር ማዋሐድ

አምስቱን ፎቶዎች ወደ አዶቢ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ወደ ላይትሩም ክላሲክ ያስገቡ። ከማዋሐድዎ በፊት አምስቱንም መርጠው በ Lens Corrections ውስጥ Enable Profile Corrections እና Remove Chromatic Aberration የሚሉትን ያብሩ። ሁለተኛው በተለይ ለመስኮት ሥራ ያስፈልጋል፤ ደማቅ ውጭና ጨለማ አሉሚኒየም በሚገናኙበት መስመር ላይ ሐምራዊ ክር ይወጣልና። ፎቶውን አይከርክሙ፣ በ Transform ውስጥ ያሉትን የማቅኛ ትእዛዞችም አይንኩ። እነርሱ የእያንዳንዱን ፎቶ መስመር ለየብቻ ስለሚያሰሉ፣ የተዋሐደው ፎቶና የመስኮቱ ፎቶ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል አያርፍም።

ከዚያ አምስቱን እንደ መረጡ Photo > Photo Merge > HDR የሚለውን ይክፈቱ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ Auto Align የሚለውን ያጥፉ። ካሜራው በትሪፖድ ላይ ስለነበር ማስተካከል የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ ግን ካበሩት ፎቶውን በጥቂት ፒክስል ሊያንሸራትተውና ጠርዙን ሊከረክመው ይችላል፣ ያኔ በኋላ የሚጨመረው የመስኮት ፎቶ ከሥሩ ካለው ጋር ይፋለሳል። Deghost Amount የሚለውን None ላይ ይተዉት። ይህ መሣሪያ የተንቀሳቀሰ ነገር ያገኘበትን ቦታ ከአንድ ፎቶ ብቻ እንዲወሰድ ስለሚያደርግ ያ ቦታ ከዙሪያው የበለጠ ጥራጥሬ ይኖረዋል። ከመስኮቱ ውጭ የሚወዛወዘው ባሕር ዛፍ አያሳስበንም፤ ያንን ክፍል ከአንድ ፎቶ ነው የምንወስደው። መጋረጃው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ብቻ Low የሚለውን መርጠው Show Deghost Overlay በሚለው የትኛው ቦታ እንደተነካ ይመልከቱ።

ውጤቱ በስሙ መጨረሻ ላይ -HDR የሚል የተጨመረበት ዲኤንጂ ፋይል ሆኖ ይመጣል። ይህ ፋይል በውስጡ የአምስቱን ፎቶ ብርሃን ስለሚይዝ የ Exposure ማንሸራተቻው በተራ ፎቶ ከነበረው አምስት ስቶፕ ወደ አሥር ይሰፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው Highlights ወደ -100፣ Shadows ወደ +100 ይወስድና መስኮቱንም ክፍሉንም በአንድ ጊዜ ለማዳን ይሞክራል። ያን አያድርጉ። ለጊዜው መስኮቱ የለም ብለው ያስቡና ክፍሉን ብቻ ይመልከቱ። ክሬሙ ግድግዳ ክሬም እስኪሆን Exposure ይጨምሩ፣ Shadows ከ+30 እስከ +40 ይበቃዋል፣ Highlights ደግሞ ከ-30 እስከ -40 ባለው ውስጥ ይቆይ። ከሶፋው ሥር ጥላ መቅረት አለበት፤ ጥላ የሌለበት ክፍል ዕቃው ወለሉ ላይ ያረፈ አይመስልም። መስኮቱ በዚህ ደረጃ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቢሆን ግድ የለም።

የክፍሉ ቀለም ግን አሁን ይለያል። ክፍሉ የሚበራው ከሰማይ በሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ግድግዳው በትክክል እንዲታይ የ Temp ቁጥሩ ወደ 6500 አካባቢ መሄድ ይኖርበታል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ቁልፍ ነው።

የመስኮቱን ፎቶ ለብቻው ማዘጋጀት

አሁን ወደ 1/250ው ፎቶ ይመለሱ። ክፍሉን ያስተካከልንበትን 6500 እዚህም ብንጠቀም ተራራው ቢጫ ለብሶ፣ ሰማዩም ቆሽሾ ይታያል፤ ምክንያቱም ውጭው የሚበራው በቀጥታ በፀሐይ እንጂ በሰማይ ብቻ አይደለም። ለዚህ ፎቶ Temp 5200 አካባቢ ይሁን። በአንድ የኤችዲአር ፋይል ብቻ ያለ ማስክ የሚሠራ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ለክፍሉ የተስማማው ቀለም ውጭውን ያበላሻል፣ ለውጭው የተስማማው ደግሞ ግድግዳውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ማስክ የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት ለእኔ ከብርሃኑ ይልቅ ይህ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ Exposure ከ+0.7 እስከ +1 ያህል ከፍ ያድርጉት። ፎቶው ብቻውን ሲታይ ትንሽ ብሩህ የበዛበት መስሎ መታየት አለበት። በመስታወት በኩል የሚታይ ተራራ ጭጋግ ስለሚኖረው Dehaze +10 ያህል ሊጨመርለት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ግን አረንጓዴው ይከብድና ውጭው ከክፍሉ የተለየ ፎቶ ይመስላል።

ከዚያ የተዋሐደውን ዲኤንጂና ይህን ፎቶ አብረው መርጠው Photo > Edit In > Open as Layers in Photoshop የሚለውን ይጫኑ። ፎቶሾፕ ሁለቱን በአንድ ፋይል ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ እንደተነጠፉ ሁለት ሌየሮች ይከፍታቸዋል። የመስኮቱ ፎቶ ከላይ፣ ክፍሉ ከሥር ይሁን። የላይኛውን የዓይን ምልክት አብራ አጥፋ እያደረጉ የመስኮቱን እጀታ በ100% ይመልከቱ። እጀታው ከቦታው ከዘለለ ሁለቱን ሌየሮች መርጠው Edit > Auto-Align Layers ይጠቀሙ፤ ካልዘለለ ይቀጥሉ።

ማስኩን መሥራት

ማስኩን በሁለት ደረጃ መሥራት ይሻላል። አንዱ የመስኮቱን ቅርጽ በጠንካራ መስመር የሚወስን፣ ሌላው በዚያ ቅርጽ ውስጥ የሚደረገውን ስስ ማስተካከያ የሚይዝ ነው። ሁለቱን በአንድ ማስክ ላይ የሚሠራ ሰው መጋረጃውን ሲያስተካክል የመስኮቱን ጠርዝ ያበላሻል፣ ጠርዙን ሲጠግን ደግሞ የመጋረጃው ሥራ ይጠፋበታል።

የመስኮቱን ሌየር መርጠው Ctrl+G ሲጫኑ ሌየሩ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ይገባል፤ በማክ Ctrl የተባለው ሁሉ Command ነው። ለጊዜው ግሩፑን በዓይን ምልክቱ ያጥፉትና ከሥር ያለውን ክፍል እያዩ ቅርጹን ይውሰዱ። ወደ 200% ተጠግተው በ Polygonal Lasso Tool የመጀመሪያውን መስታወት አራቱንም ማዕዘን እየነኩ ይዙሩ። መስኮት ቀጥ ያለ መስመር ያለው ነገር ስለሆነ አራት አምስት ነጥብ ይበቃል፤ ብሩሽ ይዞ በእጅ ጠርዙን መከተል አያስፈልግም፣ አያምርምም። Shift ይዘው ሁለተኛውን መስታወት ይጨምሩበት። በመካከል ያለውን አሉሚኒየም ቋሚ ሳይነኩ ይለፉት።

መስመሩ የት ላይ ያርፍ የሚለው ጥያቄ ሙሉ ውጤቱን ይወስናል። በረጅሙ የአንድ ሰከንድ ፎቶ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ከመስታወቱ አልፎ ወደ አሉሚኒየሙ ፈሷል፤ በተዋሐደው ፎቶም ውስጥ ይህ የፈሰሰ ብርሃን በቀጭኑ ተርፏል። መስመሩ ልክ መስታወቱ ላይ ካበቃ በውጭው ዙሪያ ነጭ ክር ይቀራል። ያ ነጭ ክር ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም እንኳ ፎቶው ተቀጥሎ የተሠራ መሆኑን ይነግረዋል። መስመሩ በጣም ወደ አሉሚኒየሙ ከገባ ደግሞ በጨለማው ፎቶ ላይ ጥቁር የሆነው የመስኮት ፍሬም ይመጣና ብር መስሎ መታየት ያለበትን አሉሚኒየም በወፍራም ጥቁር ይከብበዋል። የሚሻለው መስታወቱን የሚይዘው ጥቁር ላስቲክ ላይ ማቆም ነው። ላስቲኩ በእውነትም ጥቁር ስለሆነ ከጨለማው ፎቶ ሲመጣ ዓይን ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል፣ የፈሰሰውንም ብርሃን ይሸፍናል። በተግባር ከመስታወቱ ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውጭ ማለት ነው።

ምርጫው ሲያልቅ Select > Modify > Feather ከፍተው 1 ፒክስል ይስጡት። ዜሮ ከሆነ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይሆናል፣ አምስት ከሆነ ደግሞ በዙሪያው ጭጋግ ይታያል። ከዚያ ግሩፑን ያብሩትና መርጠውት ከሌየሮቹ ሥር ያለውን የማስክ ምልክት ይጫኑ። ውጭው በመስኮቱ ልክ ይገባል። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በ100% ያጣሩ፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ነጭ ነጥብ ከቀረ ማስኩን መርጠው በትንሽ ነጭ ብሩሽ ይንኩት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም መስኮቱ የተቀመጠበት የግድግዳው ውፍረት ነው። ይህ ቦታ ብርሃኑን ከቅርብ ስለሚቀበል በተዋሐደው ፎቶ ላይ ነጥቶ ዝርዝሩን ያጣል፣ ከመስኮቱ ጋር ግን መጨለም የለበትም። የ1/60ውን ፎቶ በላይትሩም የክፍሉን 6500 ሰጥተው በፎቶሾፕ ይክፈቱትና፣ በ Move Tool Shift ይዘው ወደዚህ ፋይል ይጎትቱት፤ Shift መያዙ ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርገዋል። ይህን ሦስተኛ ሌየር በክፍሉና በግሩፑ መካከል አስቀምጠው Alt እንደ ያዙ የማስክ ምልክቱን ሲጫኑ ጥቁር ማስክ ይሰጥዎታል። ለስላሳ ነጭ ብሩሽ ይዘው Flow 10% ላይ አድርገው፣ የልስኑ ዝርዝር እስኪመለስ ድረስ በግድግዳው ውፍረት ላይ ደጋግመው ያስኪዱት። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሴራሚኩ ላይ ያረፈው ነጸብራቅም በዚሁ ሌየር በትንሹ ሊለዝብ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አይገባም። ከደማቅ መስኮት ሥር ያለ የሚያብረቀርቅ ወለል ያለ ነጸብራቅ አይኖርም።

ስስ መጋረጃው

መጋረጃው ጠርዝ የለውም፤ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። በላሶ ብንቆርጠው እጥፋቶቹ ይቆረጣሉ፣ ሙሉ በሙሉ በጨለማው ፎቶ ብንሸፍነው ደግሞ ነጩ ጨርቅ ግራጫና ያልታጠበ ይመስላል። እዚህ ላይ የፎቶው ራሱ ብርሃን ማስክ ይሁን።

ግሩፑን አጥፍተው ክፍሉ ብቻ እየታየ Ctrl+Alt+2 ይጫኑ። ፎቶሾፕ የፎቶውን ብሩህ ቦታ ሁሉ እንደ ብሩህነቱ መጠን ይመርጠዋል፤ ነጭ የሆነው ሙሉ በሙሉ፣ ግራጫው በከፊል፣ ጥቁሩ ምንም። ከዚያ ግሩፑን አብርተው በውስጡ ያለውን የመስኮቱን ሌየር ይምረጡና የማስክ ምልክቱን ይጫኑ። አሁን መስታወቱ ውጭውን ያሳያል፣ የመጋረጃው እጥፋቶች ግን ጥላቸው እንደ ነበረ ይቆያል። የግሩፑ ማስክ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ስለሚዘጋው ነጩ ጣሪያና ክሬሙ ግድግዳ አይነኩም፤ ሁለት ደረጃ የሠራነው ለዚህ ነው። የግሩፑ ቅርጽ ከመስታወቱ ፊት የተንጠለጠለውን መጋረጃ አብሮ መያዝ እንዳለበት ልብ ይበሉ።

መስታወቱ በቂ ካልጠራ፣ ማስኩን መርጠው Ctrl+L በመጫን የቀኙን ነጭ ማንሸራተቻ ወደ ግራ ይሳቡ። መጋረጃው አሁንም ከግራጫነት ካልወጣ ማስኩ ላይ በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ፣ Opacity 30% አድርገው አንድ ጊዜ ይለፉበት። በመጋረጃው በኩል ተራራው በደብዛዛው መታየቱ ትክክል ነው፤ በግልጽ ከታየ ጨርቁ ጨርቅነቱን አጣ።

የሁለቱ ሚዛን

ቴክኒኩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ፎቶው ሐሰት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ውጭው ከክፍሉ እኩል ወይም ከዚያ በታች መጨለሙ ነው። ክፍሉ ብርሃኑን የሚያገኘው ከዚያ መስኮት ከሆነ መስኮቱ በፎቶው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ብሩህ መሆን አለበት። እኔ የምመራው በሚከተለው ልክ ነው፦ በ Info ፓነል ውስጥ ደመናው ከ255 ወደ 240 አካባቢ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ክሬም ግድግዳ ደግሞ ወደ 190 አካባቢ ይቁም። ሁለቱ ሲቀራረቡ ተራራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ይሆናል።

ለማስተካከል የተመቸው መንገድ የግሩፑን Opacity ከ100 ወደ 85 ማውረድ ነው። ከሥር ያለው ነጭ መስኮት በትንሹ ሲወጣ ውጭውን እንደ መስታወት ብርሃን ይሸፍነዋል፣ ከክፍሉም ጋር ያስማማዋል። ከ80 በታች ከወረዱ ግን ከሥር ያለው የተወዛወዘ ባሕር ዛፍ ድርብ ቅርንጫፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፎቶውን በስልክ ስክሪን መጠን አሳንሰው ይመልከቱ፤ ዓይን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዶ እዚያው ከቀረ አሁንም ውጭው በዝቷል።

የውጭውን እይታ በሌላ ቦታ በተነሣ ተራራ መተካት ከማስኩ አንጻር ቀላል ነው፤ የኪራይ ማስታወቂያ ላይ ግን ማታለል ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የጎረቤት ግንብ ካለ ግንቡ ይታይ።

ፋይሉን ሲያስቀምጡ ከነሌየሮቹ በቲፍ ይሁን፤ ወደ ላይትሩም ተመልሶ ይገባል። ግድግዳዎቹን ማቅናትና ፎቶውን መከርከም አሁን፣ ሁሉም አንድ ከሆነ በኋላ ይፈጸማል። ለማስታወቂያው የሚላከው ጄፔግ በ sRGB የቀለም ክልል ይውጣ፤ አለበለዚያ አረንጓዴው ተራራ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ይደበዝዛል።

ያለ ፎቶሾፕ

የአዶቢን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ለማይመቸው ሰው ይኸው አሠራር በነፃ ፕሮግራሞች ይሠራል። አምስቱን ሮው ፎቶዎች በዳርክቴብል ወይም በሮውቴራፒ ወደ ባለ 16 ቢት ቲፍ ይለውጡና፣ ፎቶ ከሚያገጣጥመው ፕሮግራም ከሁጊን ጋር የሚመጡትን ሁለት ትእዛዞች ፎቶዎቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ ያስኪዱ፦

```
align_image_stack --use-given-order -a aligned_ foto1.tif foto2.tif foto3.tif foto4.tif foto5.tif
enfuse -o salon.tif aligned_*.tif
```

የመጀመሪያው ፎቶዎቹን ያገጣጥማል፣ ሁለተኛው ከእያንዳንዱ በደንብ የታየውን ክፍል እየመረጠ ያዋሕዳል። `foto5.tif` የ1/250ው ፎቶ ከሆነ ለመስኮቱ የሚውለው ሌየር ዋናው ሳይሆን የተገጣጠመው `aligned_0004.tif` ነው፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነውና። ይህኛው ግን የክፍሉን 6500 ይዞ የመጣ ስለሚሆን በነፃው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በጊምፕ ሲከፈት በ Colors > Color Temperature ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳል። `salon.tif` ከሥር፣ እርሱ ከላይ ሆነው፣ ምርጫው በ Free Select Tool ተወስዶ፣ Layer > Mask > Add Layer Mask በሚለው ውስጥ Selection ሲመረጥ ማስኩ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይሠራል።